ራጂው የማያየው የዳሌ ሕመም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ነገር ግን ሕመምተኛው አንዳች ሳይደብቅ፥ ሕመሙ ራሱ ተደብቆ የሚቈይበት ጊዜ አለ። አንድ ወጣት ብሽሽቱን እያመመው ወደ ሐኪም ቤት ይሔዳል፤ ራጂ ይነሣል፤ አጥንቱ ደኅና ነው ይባላል፤ የሕመም ማስታገሻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዓመት በኋላ እያነከሰ ሲመጣና ሁለተኛ ራጂ ሲነሣ፥ እንደ ኳስ ክብ የነበረው የጭን አጥንቱ ራስ ሰርጕዶ ይገኛል። በሁለቱ ራጂዎች መካከል ያለፈው ዓመት፥ ዳሌውን ለማዳን የሚቻልበት ዓመት ነበረ።

ውድ አንባቢ፤ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ዓመት ነው። ሐኪሞች ኦስቲዮኔክሮሲስ ይሉታል፤ ትርጕሙ የአጥንት ሞት ማለት ነው። መንገዶቹ ብዙ ቢሆኑም እኛ በሁለቱ ላይ ብቻ እናተኵራለን፤ አንደኛው የስቴሮይድ መድኃኒት፥ ሁለተኛው ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ነው። ቦታችንም የባሌ ደጋ ይሆናል። ምክንያቱም ከሁለቱ መንገዶች አንደኛው በየትኛውም ከተማ የሚያጋጥም ሲሆን፥ ሁለተኛው ግን ከአገሩ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው።

አጥንት እንዴት ይሞታል?

አጥንት ደረቅ ድንጋይ አይደለም። ደም የሚጠጣ፥ በየቀኑ የሚፈርስና የሚታደስ ሕያው አካል ነው። የጭን አጥንት ራስ ግን በተለይ ደካማ የሆነበት ነገር አለ። ደሙን የሚያገኘው በአንገቱ ዙሪያ ወደ ላይ በሚወጡ ጥቂት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሲዘጉ እንደ ልብ የሚተካቸው ሌላ መንገድ የለም። ከዚህም በላይ የአጥንቱ ራስ ዙሪያውን በጠንካራ ቅርፊት የታጠረ ነው። ሥጋ ሲያብጥ ወደ ውጭ ይነፋል፤ በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ሲያብጥ ግን መሔጃ ስለሌለው ግፊቱ ወደ ውስጥ ይመለስና ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይጨምቃል። ደሙ ሲቀንስ እብጠቱ ይብሳል፤ እብጠቱ ሲብስ ደሙ ይቀንሳል።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የመሳሰሉት ስቴሮይዶች፥ በብዙ መጠንና ለብዙ ሳምንታት ሲወሰዱ፥ በመቅኔው ውስጥ ያሉትን የስብ ሕዋሳት ያሳብጣሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን ስብ ያበዛሉ፤ አጥንት የሚሠሩትንም ሕዋሳት ይገድላሉ። በሲክል ሴል ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ክብ መሆን የሚገባው ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጣ እንደ ማጭድ ይቈለመምና ይደድራል። የደደሩትም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ጠባቡን የደም ሥር ይዘጋሉ። ጄምስ ሄሪክ የተባለ የሺካጎ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1910 ስለነዚህ ማጭድ መሳይ ሕዋሳት የጻፈው፥ ከግሬናዳ ደሴት የጥርስ ሕክምና ሊማር የመጣ ተማሪ ደም ውስጥ አይቶአቸው ነው።

እንግዲህ ሁሉን የሚያስረዳው ነጥብ ይህ ነው። አጥንት በሞተ ዕለት አይወድቅም። የሞተው አጥንት ኖራውና ማዕድኑ እንዳለ ስለሆነ ለብዙ ወራት ክብደት ይሸከማል። ራጂ የሚያሳየውም ማዕድንን ብቻ ነው፤ ሕያውና ሙት አይለይም። አደጋው የሚመጣው ሰውነታችን የሞተውን ሊያድስ ሲነሣ ነው። ከጤነኛው ዳር የሚመጡት ሕዋሳት አሮጌውን አጥንት እየበሉ አዲሱን ይተካሉ፤ ነገር ግን መብላቱ ከመተካቱ ይፈጥናል። ቤት ሲታደስ አሮጌው ምሰሶ ተነቅሎ አዲሱ ሳይተከል ጣሪያው እንደሚጐብጥ ሁሉ፥ ልም አጥንቱን የሚሸከመው ስስ ንጣፍ በዚያ ጊዜ ይሰበራል። ስለዚህ በሞቱና በመውደቁ መካከል ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ። ሕክምናው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

የባሌ ከፍታና ሲክል ሴል

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ነው። በሮቤ ከፍታ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በሰነቴ ላይ ግን ወደ ስድሳ በመቶ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ይህን ይለምደዋል። ሲክል ሴል ላለበት ሰው ግን የኦክስጅን ማነስና ብርድ ሁለቱም ሕዋሳቱን ወደ ማጭድነት የሚገፉ ናቸው።

ሲክል ሴል የደጋ ሰው በሽታ አይደለም። የወባ ጥላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ጠባዩን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ በመጠኑ ስለሚጠበቅ፥ ዘሩ ወባ በበዛበት ቆላ ጸንቶ ቈይቶአል። በአገራችንም በይበልጥ የሚታየው በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ቆላዎች ነው። ነገር ግን በዛሬው ዘመን ሰው በተወለደበት አይቀርም። ከቆላ የተወለደ ተማሪ ወደ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ወጣት ሠራተኛም በዝውውር ወደ ሮቤ ይመጣል። የደጋ ሐኪም እምብዛም የማያየው በሽታ ስለሆነ ካልተነገረው ላያስበው ይችላል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው በሽታው አለበት፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ግን ተሸካሚ ነው እንጂ ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛ አይደለም። ተሸካሚውም ቢሆን በከፍተኛ ተራራ ላይ ድንገት ጣፊያው ሊጐዳ እንደሚችል ታውቋል።

የአንድ ጸሐፊ ዳሌ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ሰውየው በሐሳባችን የፈጠርነው ነው፤ የሚያጋጥመው ግን በየሐኪም ቤቱ የሚያጋጥም ነው። ዕድሜው 28 ዓመት፥ ክብደቱ 60 ኪሎ፥ ሥራው በሮቤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ነው እንበል። በኵላሊት ሕመም ምክንያት ፕሬድኒሶሎን ታዘዘለት። ለ28 ቀን በየቀኑ 60 ሚሊግራም፥ ቀጥሎ ለ28 ቀን በየቀኑ 40 ሚሊግራም ወሰደ። ስናሰላው መጀመሪያው 1,680፥ ሁለተኛው 1,120፥ ድምሩ 2,800 ሚሊግራም ይሆናል። ሐኪሞች በሦስት ወር ውስጥ ከ2,000 ሚሊግራም በላይ የወሰደን ሰው በጥንቃቄ ያዩታል። በአንጻሩ፥ በኮቪድ ጊዜ ለጽኑ ሕሙማን የተሰጠው ዴክሳሜታዞን በቀን 6 ሚሊግራም ለ10 ቀን ነበረ። ይህ በፕሬድኒሶሎን ሲመነዘር ወደ 400 ሚሊግራም ያህል ነው። በ2003 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በቤጂንግና በሆንግ ኮንግ በሳርስ ለታመሙት ግን እጅግ የበዛ ስቴሮይድ ስለ ተሰጠ፥ ከሳርስ ከተረፉት ብዙዎች በኋላ የዳሌ አጥንት ሞት አግኝቶአቸዋል።

ይህ ማለት ግን ጸሐፊው መድኃኒቱን መውሰድ አልነበረበትም ማለት አይደለም። ኵላሊቱን ያዳነለት እርሱ ነው። ስቴሮይድን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥም ራሱን የቻለ አደጋ አለው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ረስቶ ስለሚቈይ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። የሚነቀፈው፥ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለማሳከክ እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጠው ነው።

መድኃኒቱን ከጀመረ ከስምንት ወር በኋላ ጸሐፊው ቀኝ ብሽሽቱን ያመው ጀመር። ደረጃ ሲወጣ ይብሳል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ይቀሰቅሰዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚያመው ዳሌው ሳይሆን ጕልበቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዳሌና የጕልበት ነርቮች ስለሚጋሩ የዳሌ ሕመም በጕልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። የጕልበት ራጂ ተነሥቶ ደኅና ከተባለ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ልምድ ያለው ሐኪም ሕመምተኛውን በጀርባው ያስተኛዋል፤ ጭኑን ወደ ሆዱ ከፍ አድርጎ ጕልበቱን በቀጤ ማዕዘን ያጥፈዋል፤ ከዚያም እግሩን ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ይወስደዋል። እግር ወደ ውጭ ሲሔድ ጭን ወደ ውስጥ ይዞራል። በዚህ በሽታ መጀመሪያ የሚያጥረውና የሚያመው ይህ ወደ ውስጥ መዞር ነው። ጕልበቱ ራሱ ደኅና ሆኖ ጭኑን ማዞር ብሽሽቱን ካሳመመው፥ ጥፋቱ ዳሌው ውስጥ ነው።

የዝምታውና የንግግሩ ደረጃዎች

የበሽታው ደረጃዎች ዛሬ በስፋት የሚታወቁት የቱሉዝ ከተማ ሐኪሞች ፖል ፊካና ዣክ አርሌ ካወጡት አከፋፈል በመነሣት ነው። ዓለም አቀፍ ማኅበሩ አርኮ በ2019 ያሻሻለው አከፋፈልም በዋናው ነገር ከዚህ አይርቅም። እነሆ በአጭሩ።

በአንደኛው ደረጃ ራጂው ንጹሕ ነው፤ የሞተውን ክፍል የሚያሳየው ኤም.አር.አይ ብቻ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ራጂው መናገር ይጀምራል፤ ጥገናው ስለ ገፋ በአጥንቱ ራስ ውስጥ ነጣ ያለ ዳርቻና ጥቋቍር ነጠብጣብ ይታያል፤ ክብነቱ ግን አልተነካም። በሦስተኛው ደረጃ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው ንጣፍ ተሰብሮአል። በራጂ ላይ እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ጥቍር መስመር ይታያል፤ ወይም ራሱ መስረጕድ ጀምሮአል። ስርጕዳቱ እስከ 2 ሚሊሜትር ከሆነ መጀመሪያው፥ ከዚያ ካለፈ ሁለተኛው ንኡስ ክፍል ይባላል። በአራተኛው ደረጃ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ሁሉ ተበልቶ ማቀፊያውም ተበላሽቶአል።

ትልቁ ድንበር በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ከድንበሩ በፊት ራሱ ክብ ነው፤ ለማዳን ይቻላል። ከድንበሩ በኋላ የተሰበረውን ጣሪያ ወደ ነበረበት መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ራጂ በብዙ ከተማ ስለሚገኝ አጠቃቀሙን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ከፊት የተነሣ ራጂ አይበቃም። ስብራቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአጥንቱ ራስ በላይኛው ፊት በኩል ስለሆነ፥ ከፊት ሲታይ ከሌላው አጥንት ጋር ተደራርቦ ይሸሸጋል። ስለዚህ ጕልበት ታጥፎ ጭን ወደ ጐን ተከፍቶ፥ እንደ እንቍራሪት እግር ሆኖ፥ ሁለተኛ ራጂ መነሣት አለበት። ቀጭኗ ጨረቃም ይበልጥ የምትታየው በዚህ ነው። ደግሞም ሁለቱም ዳሌዎች አብረው መነሣት ይገባቸዋል፤ በስቴሮይድ የመጣው ሞት ከግማሽ በላይ በሆኑት ሕሙማን ሁለቱንም ዳሌ ይይዛልና።

የጸሐፊያችን ሁለት ራጂዎች ንጹሕ ሆኑ። ሐኪሙ ግን የ2,800 ሚሊግራሙን ታሪክ ስለ ሰማ በዚያ አልተወውም። ኤም.አር.አይ ባለበት ቦታ እንዲታይ ላከው። ወደ አዲስ አበባ ቢሆን ከሮቤ 430 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱና የምርመራው ወጪ ለአንድ ጸሐፊ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ራጂው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካለ፥ ሌላ የሚያረጋግጥ መሣሪያ የለም።

ኤም.አር.አይ የሚያየው ማዕድንን ሳይሆን በመቅኔው ውስጥ ያለውን ስብና ውኃ ነው። ስለዚህ ሞቱን ቀድሞ ያውቃል። ስቴሮይድ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ሕመም ሳይሰማ እንኳ፥ ሊታይ ይችላል። በሕያውና በሙት አጥንት መካከል ድንበር ተሰምሮ፥ አንዱ ጥቍር አንዱ ነጭ ሆኖ እንደ ድርብ መስመር የሚታየው ምልክት የዚህ በሽታ ማኅተም ነው። በሲክል ሴል ሕሙማን ግን ንባቡ ይከብዳል፤ ደም ለመሥራት የሚደክመው መቅኔያቸው ራሱ ስለሚለወጥ፥ ልምድ ያለው አንባቢ ያስፈልጋል።

ሌላው የሚለካው ስፋቱ ነው። ኬርቡል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ያወጣው ዘዴ ቀላል ነው። ከአጥንቱ ራስ መካከል ተነሥቶ የሞተው ክፍል የያዘው ማዕዘን ከፊት በታየው ሥዕል ይለካል፤ ከጐን በታየውም ይለካል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። በኤም.አር.አይ ሲለካ ድምሩ ከ190 ዲግሪ በታች ከሆነ የመውደቁ ሥጋት ያነሰ ነው፤ ከ240 በላይ ከሆነ ሥጋቱ ከባድ ነው። በመካከሉ ያለው አጠራጣሪ ነው። የጸሐፊው ቀኝ ዳሌ 100 እና 105፥ ድምሩ 205 ሆነ። ምንም የማያመው ግራ ዳሌ ደግሞ 60 እና 55፥ ድምሩ 115 ሆነ። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ዳሌ፥ ሁለትም ፍርድ ያስፈልገዋል። ግራው ትንሽና ዝም ያለ ስለሆነ በየስድስት ወሩ እየታየ ይጠበቃል። ቀኙ ያማል፤ ስፋቱም አጠራጣሪ ነው፤ ራሱ ግን ገና ክብ ነው። ለቀዶ ሕክምናው የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

ግፊቱን ማስተንፈስ

ሕክምናው ኮር ዲኮምፕሬሽን ይባላል፤ የአጥንቱን ውስጥ ግፊት ማስተንፈስ እንደ ማለት ነው። አጀማመሩ ደስ የሚል ነው። ፊካና አርሌ በመጀመሪያ ያሰቡት ለማከም ሳይሆን ለመመርመር ነበረ። በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ግፊት በሜርኩሪ ሚሊሜትር ይለካሉ፤ ከ30 በላይ ሲሆን ጤነኛ አይደለም ይላሉ፤ ቀጥሎም ለናሙና ከውስጡ የአጥንት ቡሽ ቦርቡረው ያወጣሉ። ናሙናው ከወጣ በኋላ ሕመምተኞቹ ሕመሙ ቀለለን አሉ። ከዚህ የተነሣ ምርመራው ሕክምና ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ደንዝዞ ወይም ተኝቶ፥ በዳሌው ውጭ በኩል ከሚዳሰሰው ጕብታ በታች ትንሽ ቦታ ይከፈታል። ሐኪሙ በተንቀሳቃሽ ራጂ ከሁለት አቅጣጫ እያየ፥ በአጥንቱ አንገት ውስጥ አሳልፎ ወደ ሞተው ክፍል መሪ ሽቦ ይነዳል። በእርሱ ላይ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበሳል። ዛሬ ብዙዎች ደግሞ በአንዱ ትልቅ ቀዳዳ ፈንታ 3 ሚሊሜትር ያህል የሚሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ቀዳዳዎችን ይመርጣሉ። መብሻው ከልም አጥንቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው መቆም አለበት። ቀዳዳው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የታፈነውን ግፊት ያስተነፍሳል፤ ለአዲስ ደም ሥርም ከጤነኛው አጥንት መንገድ ይከፍታል። ፊሊፕ ኤርኒጉ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና ጓደኞቹ ደግሞ ከራሱ ከሕመምተኛው የዳሌ ክንፍ መቅኔ ቀድተው፥ አወፍረው በዚሁ መንገድ ማስገባትን አስለምደዋል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? አንደኛ፥ መግቢያው ቀዳዳ ከተገቢው በታች ከወረደ፥ ትልቁን ክብደት የሚሸከመውን የአጥንት ግድግዳ ያደክማል፤ ሕመምተኛው ቢደናቀፍ ጭኑ በዚያ ላይ ይሰበራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጭኑ ውጭ በኩል የሚጀምር አዲስ ሕመም የዚህ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፥ ያኑ ራጂ መነሣት ይገባል። ሁለተኛ፥ መብሻው አልፎ ልም አጥንቱን ከበሳ፥ ሊጠበቅ የታሰበው ነገር ራሱ ይጐዳል። ሦስተኛ፥ ቀዳዳው የሞተውን ክፍል ከሳተ፥ ሕመምተኛው ቍስል አተረፈ እንጂ ሕክምና አላገኘም። ስለዚህም ነው በሁለት አቅጣጫ ራጂ እየታየ የሚሠራው።

ጸሐፊው ስድስት ሳምንት ያህል በሁለት ክራንች፥ እግሩን በከፊል ብቻ እያሳረፈ ይሔዳል። መሮጥና መዝለል ለብዙ ወራት ክልክል ነው። በስድስት ሳምንት፥ በሦስት ወር፥ በስድስት ወር፥ በዓመትም ራጂ ይነሣል። የሚታየው የሕመሙ መቅለል ብቻ አይደለም፤ ሕመም ቀልሎ ራሱ ሊሰረጕድ ይችላልና። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ክብ እንደ ሆነ ከቈየ ሥራው ሠምሮአል ማለት ነው። ከሰረጐደ ደግሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መለወጥ ነው። የተለወጠ ዳሌ በደኅና ቢሠራ 15 ወይም 20 ዓመት ከዚያም በላይ ያገለግላል። ለ70 ዓመት ሽማግሌ ይህ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለ28 ዓመቱ ጸሐፊ ግን ገና በሥራ ዘመኑ ሁለተኛ፥ ምናልባትም ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል ማለት ነው። የራሱን ዳሌ ጥቂት ዓመት እንኳ ማቈየት ትርፉ እዚህ ላይ ነው።

ያው ዳሌ በሲክል ሴል ሰው

አሁን ደግሞ በጸሐፊው ፈንታ፥ ከቆላ ተዛውሮ ሮቤ የመጣውን፥ ሲክል ሴል ያለበትን ወጣት እናስብ። ሕመሙ ያው ብሽሽት ነው፤ ኤም.አር.አይውም ያንኑ ድርብ መስመር ያሳያል። ፍርዱ ግን አንድ አይደለም።

በመጀመሪያ ጊዜው አጭር ነው። ኤርኒጉና ጓደኞቹ በ2003 ባወጡት ጥናት፥ ሲክል ሴል ኖሮባቸው ሕመም ከጀመራቸው ዳሌዎች ከመቶው 87 ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ወድቀዋል። ሁለተኛ፥ ትኵሳት ካለ ነገሩ የአጥንት ሞት ሳይሆን የአጥንት መመርቀዝ ሊሆን ይችላል። በነዚህ ሕሙማን ዘንድ ሳልሞኔላ የተባለው ተሕዋስ አጥንት ውስጥ መግባት ይወዳል፤ ስለዚህ ደሙ ሳይመረመር መብሻ አይነሣም።

ሦስተኛ፥ ማደንዘዣውና ቀዶ ሕክምናው ራሳቸው ሕዋሳቱን ወደ ማጭድነት ሊገፉ ይችላሉ። በ2013 በወጣ አንድ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊት ደም ያልተሰጣቸው ሕሙማን ከመቶው 39፥ የተሰጣቸው ግን ከመቶው 15 ብቻ ችግር አጋጥሞአቸዋል። እንግዲህ ሄሞግሎቢኑ ወደ 10 ግራም ከፍ እንዲል ደም መስጠት፥ ሰውነቱ እንዳይደርቅ ፈሳሽ መስጠት፥ ክፍሉን ማሞቅና ኦክስጅኑን መጠበቅ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ናቸው። በደጋ ብርድና በስስ አየር ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ነው። ሕመምተኛውን በሰነቴ በኩል አሻግሮ መላክም ያለ ምክር የሚደረግ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ያከራክራል። በአሜሪካ አገር ሲክል ሴል ያለባቸውን ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ ግማሾቹን ዲኮምፕሬሽንና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፥ ግማሾቹን እንቅስቃሴ ብቻ ሰጡአቸው። ውጤቱ በ2006 ሲወጣ፥ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው የቈዩት ዳሌዎች በመጀመሪያው ወገን ከመቶው 82፥ በሁለተኛው ከመቶው 86 ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ሰዎች 38 ብቻ ስለሆኑ ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ በሲክል ሴል ሰው ዘንድ በክራንች ክብደት መቀነስና የዳሌን ጡንቻ በሥርዓት ማጠንከር ሕክምና እንጂ መጠበቂያ ጊዜ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው የሚመረጠው የደሙ ዝግጅት ሲሟላ፥ የሞተው ክፍል ሲያሠጋና ራሱ ገና ክብ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው፥ ሐኪም ሊያየው የማይችለውን ነገር የሚነግረው ሕመምተኛው ነው። ብሽሽቱን ወይም ያለ ምክንያት ጕልበቱን ሳምንታት ያመመው ሰው፥ ከራጂው በፊት ሁለት ነገር ይናገር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስቴሮይድ ወስዶ እንደ ሆነ የመድኃኒቱን ስም፥ በቀን ስንት ሚሊግራም፥ ለስንት ቀን እንደ ወሰደ፤ በቤተ ሰቡም ሲክል ሴል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ካለ ይህንኑ። የመድኃኒቱን ባዶ ካርቶን ይዞ መሔድ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሰማ ሐኪም፥ ንጹሕ ራጂ ቢያይም ፋይሉን አይዘጋም።